ከጥቂት ገበሬዎች ገቢ የመሐሉን ቁጥር ምን ያህል ማመን ይቻላል?

ጥቂት ገበሬዎችን ጠይቆ የአንድ አካባቢ ገበሬ በዓመት ስንት እንደሚያገኝ መገመት በገጠር ጥናት ውስጥ ዘወትር የሚያጋጥም ሥራ ነው። በጀትም መኪናም ጊዜም ስለሚያጥር መረጃ ሰብሳቢው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቤት ብቻ ነው። ከእነዚህ ቤቶች የሚወጣው ቁጥር ምንጊዜም ግምት ነው፤ የጎረቤት መንደር ሰዎች ቢጠየቁ ኖሮ ሌላ ቁጥር ይወጣ ነበር። ስለዚህ ከግምቱ ጋር አብሮ መነገር ያለበት ሁለተኛ ነገር አለ፦ ግምቱ ወደ ላይና ወደ ታች በምን ያህል ሊዛነፍ ይችላል? ይህን ለመመለስ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ቡትስትራፕ የተባለው የስታቲስቲክስ ዘዴ ነው።

ለምሳሌ ጥያን እንውሰድ። ጥያ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሶዶ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ እንሰት ይተክላል፤ ጤፍና ስንዴ ይዘራል፤ ከብት ያረባል፤ ባሕር ዛፍ ተክሎ ለአጣና ይሸጣል። በዚህ አካባቢ 11 አባወራዎችና እማወራዎች በዕጣ ተመርጠው ከአንድ መስከረም እስከ ጳጉሜን ድረስ ከእርሻ ያገኙትን የተጣራ ገቢ ተናገሩ እንበል። የሚከተሉት ቁጥሮች ለትምህርት ብቻ የተዘጋጁ ናቸው፤ ከማንም ቤት የተሰበሰቡ አይደሉም። ወረቀትና እስክሪፕቶ የያዘ አድማጭ ቢጽፋቸው ቀጥሎ የሚመጣውን ስሌት በቀላሉ ይከታተላል።

ገቢዎቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደሩ፣ በሺህ ብር እንዲህ ናቸው፦ 18፣ 24፣ 31፣ 37፣ 42፣ 48፣ 55፣ 63፣ 82፣ 120 እና 310።

የመጨረሻው ቁጥር ከሌሎቹ እጅግ ርቆ ይገኛል። 310 ሺህ ብር ያገኘው ቤት በዚያ ዓመት የደረሰ ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ ቆርጦ የሸጠ ሊሆን ይችላል። ወይም በሞተር ውኃ እየሳበ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርት ይሆናል። በየትኛውም የገጠር ናሙና ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት አንድ ሁለት አይጠፋም። 11ዱ ገቢዎች ተደምረው ለ11 ሲካፈሉ አማካዩ 75 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። ነገር ግን ከ11ዱ ቤቶች 8ቱ የሚያገኙት ከዚህ በታች ነው። አንድ ባለ 310 ሺህ ብር ቤት አማካዩን ወደ ላይ ጎትቶታልና፣ ይህ ቁጥር የአብዛኛውን ገበሬ ኑሮ አያሳይም።

በዚህ ምክንያት የገቢ ጥናቶች ሚዲያንን ይመርጣሉ። ሚዲያን ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው ነው። ከ11 ቁጥሮች መሐል ያለው 6ኛው ነው፤ 5 ከበታቹ፣ 5 ከበላዩ ይቀራሉ። እዚህ ላይ 6ኛው 48 ስለሆነ ሚዲያኑ 48 ሺህ ብር ነው። ባለ 310 ሺሁ ቤት 900 ሺህ ብር አግኝቶ ቢሆን እንኳ ሚዲያኑ ከ48 አይነቃነቅም፤ ያ ቤት ያው ከመሐሉ በላይ ካሉት አንዱ ነውና።

ጥያቄው የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው። 48 ሺህ የእነዚህ የ11 ቤቶች ሚዲያን እንጂ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ሚዲያን አይደለም። ዕጣው ሌሎች 11 ቤቶችን አውጥቶ ቢሆን መሐሉ 41 ወይም 57 ሊሆን ይችል ነበር። መረጃ ሰብሳቢው ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ መቶ ጊዜ እየተመለሰ፣ በየጊዜው ሌሎች 11 ቤቶችን በዕጣ እያወጣ ይጠይቅና መቶዎቹ ሚዲያኖች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚለያዩ በዓይኑ ያይ ነበር። ይህ ግን የማይቻል ነው፤ በእጁ ያለው አንድ ናሙና ብቻ ነው።

ለአማካይ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ቀላል ነበር። በማንኛውም የስታቲስቲክስ መማሪያ ውስጥ የአማካይን መደበኛ ስህተት የሚያወጣ አጭር ቀመር አለ፤ የናሙናው መደበኛ ልይይት ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት ይካፈላል። ለሚዲያንም ቀመር አለ፤ ነገር ግን ቀመሩ የሚጠይቀው ነገር በእጅ የለም። የሚዲያን እርግጠኝነት የሚወሰነው በመሐሉ አካባቢ ገበሬዎች ምን ያህል ተጠጋግተው እንደሚገኙ ነው። ብዙ ቤቶች በ45 እና በ50 ሺህ መካከል ከተጨናነቁ፣ ናሙናው ቢለዋወጥም መሐሉ ብዙም አይንቀሳቀስም። በመሐሉ አካባቢ ያሉት ቤቶች ጥቂት ሆነው ተራርቀው ከተበተኑ ግን ሚዲያኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ይህን ጥግግት በትክክል ለመለካት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ያስፈልጋሉ፤ 11 ቤት ለዚህ አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1979 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ መምህር የሆነው አሜሪካዊው ብራድሊ ኤፍሮን ለዚህ ዓይነቱ ችግር መውጫ የሚሆን ጽሑፍ አሳተመ። ከእርሱ በፊት ሲሠራበት የቆየው ጃክናይፍ የተባለው ዘዴ ከናሙናው አንድ አንድ ቤት እየቀነሰ ስሌቱን የሚደግም ነበር። ያ ዘዴ ለአማካይ በደንብ ይሠራል፤ ሚዲያን ላይ ሲደርስ ግን ይሰናከላል። ምክንያቱን በጥያው ምሳሌ ላይ ማየት ይቻላል። ከታችኞቹ 5 ቤቶች የትኛውም ቢወጣ የቀሩት የ10ሩ ሚዲያን 51 ሺህ ተኩል ነው፤ ከላይኞቹ 5 የትኛውም ቢወጣ 45 ሺህ ነው፤ የመሐሉ ራሱ ቢወጣ 48 ሺህ ተኩል ነው። 11 ጊዜ ተሰልቶ የሚገኙት ሦስት ቁጥሮች ብቻ ናቸው ማለት ነው። በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ላይ ተመሥርቶ ስለ እርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ኤፍሮን ያቀረበው ቡትስትራፕ ይህን እንቅፋት ያልፋል።

የኤፍሮን ሐሳብ ይህ ነው። ሙሉውን ሕዝብ ደጋግሞ መጠየቅ ካልተቻለ፣ በእጅ ያለው ናሙና ሕዝቡን ወክሎ ይቁም። በዕጣ የተመረጡት 11 ቤቶች የአካባቢውን ሁኔታ በመጠኑ የሚያንጸባርቁ ከሆነ፣ ከእነርሱ መልሶ መላልሶ ዕጣ ማውጣት ከአካባቢው ዕጣ ከማውጣት ጋር ይመሳሰላል። ከመጀመሪያው ናሙና የሚወጡት አዳዲስ ናሙናዎች እርስ በርስ የሚለያዩበት መጠን፣ እውነተኞቹ ናሙናዎች ይለያዩ ለነበረበት መጠን ግምት ይሆናል።

ሥራው ያለ ኮምፒውተርም ይሠራል። 11 ትንንሽ ወረቀቶች ተቆርጠው በእያንዳንዱ ላይ አንድ ገቢ ይጻፍና ተጠቅልለው በባርኔጣ ውስጥ ይደረጋሉ። ባርኔጣው ይናጣል፤ አንድ ወረቀት ይወጣል፤ ቁጥሩ በደብተር ይመዘገባል። ከዚያ ወረቀቱ ተመልሶ ወደ ባርኔጣው ይገባል። እንደገና ይናጣል፤ እንደገና አንድ ይወጣል። ይህ 11 ጊዜ ሲፈጸም አንድ አዲስ ናሙና ተገኘ ማለት ነው። ወረቀቱ ስለሚመለስ አንዱ ቤት ሁለት ሦስት ጊዜ ሊወጣ፣ ሌላው ጨርሶ ላይወጣ ይችላል።

አንድ ዙር እንዲህ ሊሆን ይችላል። ወረቀቶቹ በተራ ሲወጡ 42፣ 63፣ 24፣ 42፣ 310፣ 37፣ 82፣ 63፣ 48፣ 24፣ 42 ሆኑ። ሲደረደሩ 24፣ 24፣ 37፣ 42፣ 42፣ 42፣ 48፣ 63፣ 63፣ 82፣ 310 ይሆናሉ። 6ኛው 42 ነው፤ የዚህ ዙር ሚዲያን 42 ሺህ ብር ሆነ። 18፣ 31፣ 55 እና 120 በዚህ ዙር ጨርሶ አልወጡም። ይህ ያልተለመደ ነገር አይደለም፤ 11 ወረቀት ባለበት ጨዋታ አንድ የተወሰነ ወረቀት በአንድ ዙር ሙሉ ሳይወጣ የመቅረት ዕድሉ 35 በመቶ ነው። በአማካይ በየዙሩ 4 ያህሉ ይቀራሉ፣ 7 ያህሉ ይሳተፋሉ።

በሁለተኛው ዙር ደግሞ 55፣ 18፣ 120፣ 63፣ 55፣ 31፣ 82፣ 63፣ 37፣ 120፣ 48 ወጡ እንበል። እነዚህም ተደርድረው 6ኛው ሲታይ 55 ነው። የመጀመሪያው ዙር 42፣ ሁለተኛው 55 ሰጠ። ሦስተኛውም አራተኛውም እንዲሁ ይቀጥላል፤ በየዙሩ የሚመዘገበው አንድ ቁጥር፣ የዚያ ዙር ሚዲያን ብቻ ነው።

በእጅ 30 ወይም 40 ዙር መሥራት ሐሳቡን ለመጨበጥ በጣም ይጠቅማል፤ በክፍል ውስጥ ተማሪዎች ተከፋፍለው ቢሠሩት ከአንድ ክፍለ ጊዜ አያልፍም። ለጥናት የሚሆነው ግን 1000 ወይም 2000 ዙር ስለሆነ ለኮምፒውተር ይተዋል። በቢሮ የሚገኘው የኤክሴል ሰንጠረዥም ሆነ አር የተባለው ነፃ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ይህን በሰከንዶች ይጨርሰዋል።

1000 ዙር ሲጠናቀቅ በደብተሩ ላይ 1000 ሚዲያኖች ተመዝግበዋል። ለጥያው ምሳሌ እነዚህ ሚዲያኖች እንዴት እንደሚሰራጩ በፕሮባቢሊቲ ሕግ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ከ1000ው ዙር በ243 ያህሉ ሚዲያኑ ራሱ 48 ይሆናል። በ206 ያህሉ 42፣ በሌላ 206 ያህሉ ደግሞ 55 ይሆናል። 37 እና 63 እያንዳንዳቸው በ120 ዙር ገደማ ይወጣሉ። 31 እና 82 እያንዳንዳቸው በ44 ዙር ያህል ይታያሉ። 24 እና 120 ሰባት ሰባት ጊዜ ገደማ ብቻ ይመጣሉ። 18 እና 310 በ1000 ዙር ውስጥ ሚዲያን ሆነው ላይታዩም ይችላሉ።

ከዚህ ስርጭት የመተማመኛ ክልል የሚወጣበት መንገድ ቀላል ነው። 1000ዎቹ ሚዲያኖች ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረደራሉ። ከታች 25ቱ፣ ከላይም 25ቱ ይተዋሉ፤ እነዚህ 50ዎቹ ከ1000ው 5 በመቶ ናቸው። የቀረው 95 በመቶ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቁጥር የክልሉ ሁለት ጫፎች ይሆናሉ። ከታች ሲቆጠር የመጀመሪያዎቹ 7 ያህሉ 24 ናቸው፤ ከዚያ የሚከተሉት 44 ያህሉ 31 ናቸውና 25ኛው የሚያርፈው 31 ላይ ነው። ከላይ ሲቆጠርም በተመሳሳይ መንገድ 82 ላይ ያርፋል። ውጤቱ እንዲህ ተብሎ ይነገራል፦ የናሙናው ሚዲያን 48 ሺህ ብር ነው፤ በ95 በመቶ መተማመኛ የአካባቢው ሚዲያን ከ31 ሺህ እስከ 82 ሺህ ብር ባለው ክልል ውስጥ ይገመታል።

ክልሉ ሰፊ ነው። ስፋቱን ስህተት አድርጎ ማየት ግን ተገቢ አይደለም፤ 11 ቤት የሚናገረው ይህን ያህል ብቻ ነው። በዚህ ናሙና ላይ ተመርኩዞ «የጥያ ገበሬ የሚያገኘው ከቡታጅራው ያነሰ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ የቡታጅራው ቁጥር 60 ሺህ ሆኖ ቢመጣለት እንኳ ማስረጃ የለውም፤ 60 ሺህ ራሱ በጥያው ክልል ውስጥ ይገባልና። የቡታጅራው ቁጥርም የራሱ ክልል እንዳለው መርሳት አይገባም።

ሁለተኛው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ክልሉ በሁለቱም በኩል እኩል አለመሆኑ ነው። ከ48 ወደ ታች እስከ 31 ያለው ርቀት 17 ሺህ ሲሆን፣ ወደ ላይ እስከ 82 ያለው 34 ሺህ ነው፤ የላይኛው የታችኛው እጥፍ ነው። ይህ የመጣው ከገቢው ጠባይ ነው። ከመሐሉ በታች ያሉት ቤቶች እርስ በርስ ተቀራርበዋል፤ ከመሐሉ በላይ ያሉት ግን እየተራራቁ ይሄዳሉ። ከ1000ዎቹ ሚዲያኖች መደበኛ ስህተት ብቻ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ 13 ሺህ ብር ገደማ ይሆን ነበር። በተለመደው አሠራር የዚህ እጥፍ ከ48 ላይ ተቀንሶና ተደምሮ ከ22 እስከ 74 ሺህ ይባል ነበር። ያ ክልል ወደ ታች ከሚገባው በላይ ይወርዳል፣ ወደ ላይ ደግሞ ያንሳል። ጫፎቹን ከተደረደሩት ሚዲያኖች በቀጥታ ማንበብ የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ በዚሁ ናሙና የአማካዩ መደበኛ ስህተት 24 ሺህ ብር ያህል ነው፤ ከሚዲያኑ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ምክንያቱ ያው ባለ 310 ሺሁ ቤት ነው። በሦስት ዙር አንድ ጊዜ ገደማ ጨርሶ አይወጣም፤ በሌላው ዙር ሁለትና ሦስት ጊዜ ይወጣል፤ አማካዩም አብሮ ይወርዳል፣ ይወጣል።

በአሠራር ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት የወጣውን ወረቀት አለመመለስ ነው። ወረቀቱ ካልተመለሰ 11ዱም ቁጥሮች በየዙሩ አንድ አንድ ጊዜ ይወጣሉ፤ የሚለወጠው ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ሚዲያኑ 1000 ጊዜም 48 ነው። በኮምፒውተር ሲሠራ ዕጣው ተመላሽ እንዲሆን የሚያዝዘው አማራጭ ከተረሳ የሚደርሰው ይኸው ነው፤ ምልክቱም ሁሉም ሚዲያኖች አንድ ዓይነት ሆነው መደበኛ ስህተቱ ዜሮ መሆኑ ነው። ዜሮ ስህተት ያየ ሰው ሊደሰት አይገባውም፤ ትእዛዙን መልሶ ማየት አለበት። ሌላው ስህተት በየዙሩ ከ11 ያነሱ ወረቀቶችን ማውጣት ነው። 5 ወረቀት ብቻ ከወጣ የሚለካው የ5 ቤት ናሙና እርግጠኝነት እንጂ የ11ዱ አይደለም፤ ክልሉም ያለ አግባብ ይሰፋል።

ሦስተኛው ስህተት በሐሳብ ላይ የሚፈጠር ነው፤ የዙሩን ቁጥር ማብዛት መረጃውን የሚያበዛ የሚመስላቸው አሉ። 1000 ዙር የነበረው 100 ሺህ ዙር ቢደረግ ከ31 እስከ 82 ያለው ክልል አይጠብም። ዙር ማብዛት የሚያስወግደው የዕጣውን መዋዠቅ ብቻ ነው። 50 ዙር ብቻ ከተሠራ ጫፎቹ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ማወቅ ቀላል ነው፤ ሥራው ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ ሁለቱ ውጤቶች ከተለያዩ ዙሩ አልበቃም፣ ከተመሳሰሉ በቅቷል። ከዚያ በኋላ ክልሉን የሚያጠበው ሌላ ቤት ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነው።

ቡትስትራፕ ናሙናው በጣም ሲያንስ ራሱም ይደክማል። ለሚዲያን የሚሆን ሌላ ትክክለኛ ስሌት ስላለ ድካሙን መለካት ይቻላል። ማንኛውም በዕጣ የወጣ ቤት ከአካባቢው ሚዲያን በላይ ወይም በታች የመሆን ዕድሉ ሳንቲም ተወርውሮ አንበሳ ወይም ሰው እንደመውጣቱ እኩል ነው። ከዚህ ተነስቶ ሲሰላ፣ ከ11 ቤቶች 3ኛውና 9ኛው በመካከላቸው የአካባቢውን ሚዲያን የመያዝ ዕድላቸው 93.5 በመቶ ነው። ቡትስትራፑ 95 በመቶ ብሎ ነበር፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ነገር ግን ወደ ከልክ ያለፈ መተማመን ያደላል። ናሙናው 5 ቤት ብቻ ቢሆን ደግሞ የቡትስትራፑ ክልል ከትንሹ ቤት እስከ ትልቁ ቤት ሆኖ ያርፋል። ያ ማለት ዘዴው «ከተጠየቁት መካከል የሆነ ቦታ ነው» ከማለት በላይ ምንም አልጨመረም። በ5 ቤት ላይ ሚዲያንና የመተማመኛ ክልል ማውጣት ድካም ብቻ ነው፤ አምስቱን ቁጥሮች እንዳሉ መዘርዘር ይበልጣል።

ዘዴው ከዚህ የባሰ የሚሳሳተው ግን ወረቀቶቹ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ራሳቸው የተበላሹ ሲሆኑ ነው። ቡትስትራፕ ከናሙናው ውጭ ምንም አያውቅም። መረጃ ሰብሳቢው በገበያ ቀን ገበያ ዳር ቆሞ እህል ጭነው የመጡትን ብቻ ከጠየቀ፣ የሚሸጥ ትርፍ የሌላቸው ቤቶች በባርኔጣው ውስጥ ወረቀት የላቸውም። ከባርኔጣው ሺህ ጊዜ ዕጣ ቢወጣም እነርሱ አይወጡም። ውጤቱ ጠባብና ንጹሕ የሚመስል ክልል ሊሆን ይችላል፤ ግን ሌላ ሕዝብን የሚገልጽ ነው።

በጉራጌ ምድር ደግሞ የእርሻ ገቢን መለካት ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እንሰት ዓመቱን ሙሉ ቤተሰቡን የሚቀልብ ሰብል ነው፤ ቆጮው ግን በአብዛኛው ገበያ ሳይወጣ ቤት ውስጥ ያልቃል። አንዱ መረጃ ሰብሳቢ ለቤት የዋለውን ቆጮ በገበያ ዋጋ ተምኖ ሲደምር ሌላው ቢተወው፣ በ11ዱ ወረቀቶች ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተጽፈዋል። አዲስ አበባ በንግድ ላይ ካሉ ልጆች የሚመጣው ገንዘብም እንዲሁ ነው፤ በተለይ ለመስቀል የሚላከውና ይዘው የሚመጡት ከፍ ያለ ነው። ያ የቤተሰቡ ገቢ ነው እንጂ የእርሻው አይደለም፤ ጥያቄው ተለይቶ ካልቀረበ ግን ከእርሻው ጋር ተደባልቆ ይነገራል። እንዲህ ያለው ስህተት በመተማመኛ ክልሉ ውስጥ አይታይም።

ገበሬዎች ገቢያቸውን ጠቅለል አድርገው ሲናገሩም የተለየ ችግር ይመጣል። በምሳሌው 42፣ 48 እና 55 ያሉት ሦስቱ ቤቶች ሁሉም «ወደ 50 ሺህ» ብለው ቢሆን ኖሮ፣ በባርኔጣው ውስጥ ሦስት ባለ 50 ወረቀቶች ይኖሩ ነበር። ያኔ ከ100 ዙር በ65ቱ ሚዲያኑ በትክክል 50 ሆኖ ይወጣል። ስርጭቱን ያየ ሰው የአካባቢው ሚዲያን በእርግጠኝነት 50 ሺህ የሆነ ይመስለዋል። እርግጠኝነቱ የመጣው ግን ከአነጋገር ልማድ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ጥሬ መረጃው ሲታይ 50፣ 60፣ 100 የሚሉ ሙሉ ቁጥሮች ከተደጋገሙ ሚዲያኑ ላይ የሚታየው ክምችት አይታመንም። መድኃኒቱም በመጠይቁ ላይ ነው። ጤፉ ስንት ኩንታል ተሸጠ፣ በስንት ዋጋ፣ ለማዳበሪያና ለዘር ስንት ወጣ እያሉ በየሰብሉ ጠይቆ ድምሩን ራሱ መረጃ ሰብሳቢው ማውጣት አለበት።

የመጨረሻው ጉዳይ ቤቶቹ የተመረጡበት መንገድ ነው። ከላይ የተገለጸው ዕጣ ትክክል የሚሆነው 11ዱ ቤቶች አንድ አንድ ሆነው፣ ከመላው አካባቢ በዕጣ ሲወጡ ነው። በተግባር ግን አብዛኛው ጥናት መጀመሪያ ቀበሌ ይመርጣል፣ ከዚያ በቀበሌው ውስጥ ቤቶችን። በዚሁ አካባቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም 9 የገጠር ቀበሌዎችንና አንድ የከተማ ቀበሌን ይዞ በእነርሱ ውስጥ የሚኖሩትን ሰዎች ልደትና ሞት ለረጅም ዓመታት ሲመዘግብ ቆይቷል። በዚያ ዓይነት ጥናት ውስጥ የአንድ ቀበሌ ቤቶች ይመሳሰላሉ፤ አንድ ዓይነት መሬት ያርሳሉ፣ አንድ ዝናብ ያያሉ፣ አንድ ገበያ ይሸጣሉ። ደጋ ያለው ቀበሌ ገብስና እንሰት ላይ ሲያተኩር፣ ወደ ማረቆ ያለው ቆላማ ቀበሌ በርበሬውን ይሸጣል። ከአንድ ቀበሌ 20 ቤት መጠየቅ ከ20 ቀበሌ አንድ አንድ ቤት እንደመጠየቅ ያለ እውቀት አይሰጥም።

ናሙናው እንዲህ ከተመረጠ በባርኔጣው ውስጥ የሚገቡት ወረቀቶች የቤቶች ሳይሆኑ የቀበሌዎች ስም መሆን አለባቸው። አንድ ቀበሌ በወጣ ቁጥር በውስጡ የተጠየቁት ቤቶች በሙሉ አብረው ወደ አዲሱ ናሙና ይገባሉ፤ ሁለት ጊዜ ከወጣም ሁለት ጊዜ ይገባሉ። የዚያ ዙር ሚዲያን የሚሰላው ከተሰበሰቡት ቤቶች ሁሉ ነው። ይህን ትቶ ቤቶችን ብቻቸውን ማውጣት ክልሉን ከእውነቱ አጥብቦ ያሳያል። ደንቡ አንድ ነው፦ ዕጣው የሚደገመው የመጀመሪያው ዕጣ በወጣበት መንገድ ነው።

ክልሉን ለማጥበብ የሚፈልግ ጥናት ስንት ቤት እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ሊገምት ይችላል። የሚዲያን መደበኛ ስህተት የሚቀንሰው በናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት መጠን ስለሆነ፣ ስፋቱን በግማሽ ለማሳነስ የቤቶቹ ቁጥር አራት እጥፍ መሆን አለበት። ከ11 ወደ 44 ማለት ነው። በ44 ቤቶች የ95 በመቶው ክልል በቅደም ተከተል ከ16ኛው ቤት እስከ 29ኛው ቤት ገደማ ያርፋል። እስከዚያው 11 ቤት ብቻ የጠየቀ ጥናት በሪፖርቱ ላይ የሚጽፈው «48 ሺህ ብር፣ ከ31 እስከ 82 ሺህ፣ 11 ቤቶች» ብሎ ነው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለበትን ሪፖርት የሚያነብ ባለሙያ የጎደለውን መጠየቅ አለበት።